«ተከፍሎኛል» ብሎ ወሬውን መቀጠል

እ.ኤ.አ. በ2019 መገባደጃ ላይ በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ሬዲዮ የከፈተ አድማጭ፣ ለዓመታት የለመደው አቅራቢ ስለ አንድ ስልክ ሲያወራ ይሰማ ነበር። ስልኩ ጎግል በዚያው ጥቅምት ለገበያ ያቀረበው ፒክስል 4 ነው። አቅራቢው የሚናገረው «ኩባንያው እንዲህ ይላል» እያለ ሳይሆን «እኔ» እያለ ነበር። በጨለማ ፎቶ ማንሳት እንዴት እንደቀለለው ይናገራል፤ ካነበባቸው ጽሑፎች በአንዱ ደግሞ የልጁን የፉትቦል ጨዋታ፣ የተወርዋሪ ኮከቦችን ትርኢት፣ ጓሮው ድረስ መጥታ ያረፈች ብርቅዬ ጉጉትን ሳይቀር በዚሁ ስልክ እንዳነሳ ይተርካል።

ችግሩ ከሦስት ዓመት በኋላ በይፋ ወጣ። በኅዳር 2022 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ሰባት ክፍላተ አገር በጎግልና በአይኸርትሚዲያ ላይ ባቀረቡት ክስ፣ አብዛኞቹ ማስታወቂያዎች ተቀርጸው ሲተላለፉ አቅራቢዎቹ ስልኩ አልተሰጣቸውም ነበር ተባለ። ጽሑፉን የሰጣቸው ጎግል ነው፤ እነሱ አነበቡት። በ2019 እና በ2020 በአየር ላይ የዋሉት እንዲህ ያሉ የምስክርነት ማስታወቂያዎች ወደ 29,000 ይጠጋሉ። ጉዳዩ በስምምነት ሲዘጋ ሁለቱ ኩባንያዎች በድምሩ 9.4 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ፤ ከዚህ ውስጥ 9 ሚሊዮን ገደማው የጎግል፣ 400,000 ገደማው የአይኸርትሚዲያ ድርሻ ነው።

ይህ ጉዳይ የሬዲዮ ቢሆንም ፖድካስት የሚያዘጋጅ ሁሉ ሊያጠናው ይገባል፤ ምክንያቱም ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀላቅሏቸውን ሁለት ጥያቄዎች ለይቶ ያሳያል። አንደኛው «ለዚህ ንግግር ማን ከፈለ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ተናጋሪው ‹እኔ› ሲል የሚናገረው በእርግጥ የደረሰበትን ነው?» የሚለው ነው። የፒክስሉን ማስታወቂያ የሰማ አድማጭ ማስታወቂያ መሆኑን ጠርጥሮ ሊሆን ይችላል። ያልጠረጠረው ግን ጉጉቷ አለመኖሯን ነው። አቅራቢው በየማስታወቂያው መጀመሪያ «ይህ የተከፈለበት ነው» ቢል እንኳ ስልኩን ሳይነካ «አነሳሁበት» ማለቱ ውሸት ከመሆን አይድንም። የክፍያው መገለጽ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን የሚመልሰው እቃውን እጅ ላይ አድርጎ መሞከር ብቻ ነው።

በፖድካስት ዓለም ማስታወቂያ የሚሠራባቸው መንገዶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። አንዳንዱ ስፖንሰር በሌላ ሰው ድምፅ ተቀርጾ ያለቀ ማስታወቂያ ይልካል። አንዳንዱ ቃል በቃል የሚነበብ ጽሑፍ ይሰጣል። ሌላው ደግሞ አምስት ስድስት ነጥብ ብቻ ጽፎ «በራስህ አነጋገር አውራው» ይላል። አቅራቢዎችም ስፖንሰሮችም የሚወዱት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ጥቂት ነጥቦችን ወደ ወሬ ለመለወጥ አቅራቢው አጋጣሚ ያስፈልገዋል። አጋጣሚ ከሌለው መፍጠር ይቀለዋል፦ ያልተደረገ ጉዞ፣ ያልተደወለ ስልክ፣ ያልተባለ የእናት ምርቃት። አድማጩ የአቅራቢውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ለሰዓታት ሲሰማ ኖሯልና እንደ ወዳጅ ወሬ ይቀበለዋል። ስፖንሰሩ የሚከፍለውም ለዚሁ ቅርበት ነው።

የክፍያው ነገር እንዴት ይነገር ለሚለው የአሜሪካው ንግድ ኮሚሽን የምስክርነት ማስታወቂያ መመሪያውን በሰኔ 2023 አሻሽሎ ሲያወጣ ግልጽ መለኪያ አስቀምጧል። መግለጫው ለማለፍ የሚያስቸግርና ተራው ሰው በቀላሉ የሚረዳው መሆን አለበት። በድምፅ ለቀረበ ምስክርነት መግለጫውም በድምፅ ይሁን፤ የድምፁ ከፍታ፣ የአነጋገሩ ፍጥነትና አካሄዱም ሰው ያለ ችግር ሰምቶ የሚረዳው ይሁን ይላል። እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጆች የሚስቱት ነገር አለ፤ ከክፍሉ ሥር በጽሑፍ «ይህ ክፍል ስፖንሰር አለው» ብሎ ማስፈር በቂ ይመስላቸዋል። መኪና እየነዳ ወይም ሽንኩርት እየከተፈ የሚሰማ ሰው ግን ያንን ጽሑፍ አያየውም። በጆሮ የገባው ውዳሴ ማስተካከያውም በጆሮ መግባት አለበት።

መመሪያው ስንት እንደተከፈለ ይነገር አይልም። የሚፈልገው አድማጩ ግንኙነቱን ማወቁን ነው፤ ገንዘብ ይሁን፣ ነፃ እቃ ይሁን፣ ከሽያጭ የሚገኝ ኮሚሽን ወይም ዝምድና፤ አድማጩ ቢያውቀው ለምክሩ የሚሰጠውን ክብደት የሚለውጥ ነገር ሁሉ ይነገር ነው የሚለው። ከዋሽንግተን ወይም ከሚኒሶታ በአማርኛ የሚተላለፍ ፖድካስትም አሜሪካ ውስጥ ላሉ አድማጮች እስከደረሰ ድረስ ከዚህ አይወጣም፤ ደንቡ ቋንቋ አይመርጥም።

ታዲያ አቅራቢዎች መግለጫውን የሚደብቁት፣ የሚያሳጥሩት ወይም መጨረሻ ላይ የሚለጥፉት ለምንድን ነው? ብዙዎቹ ለማታለል ብለው አይደለም። የወሬውን ፍሰት ይሰብርብናል ብለው ስለሚፈሩ ነው። ስጋቱ ምን ያህል ልክ እንደሆነ ለማየት አንድ ማስታወቂያ ቃል በቃል መመርመር ይሻላል። የሚከተለው ለማሳያ የተጻፈ ነው፤ ውጭ አገር ካለ የአማርኛ ፖድካስት ሊሰማ የሚችል፣ ስፖንሰሩ ገንዘብ አስተላላፊ የሆነ ንባብ ነው።

«ወገኖቼ፣ ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ብር ስልክላት የገረመኝን ልንገራችሁ። ድሮ ስንት ሰልፍ ነበር! አሁን ግን በስልኬ፣ በሁለት ደቂቃ፣ ያለ ምንም ክፍያ ላክሁ። እናቴ ወዲያው ደውላ ‹ልጄ፣ ሳልጨርስ የጀመርኩትን ቡና ደረሰኝ እኮ› አለችኝ። በምንድን ነው የምትልከው ለምትሉኝ፣ በእገሌ ሐዋላ ነው። በነገራችን ላይ አጋራችን ናቸው፣ እናመሰግናለን። ኮዱን ከታች ታገኙታላችሁ።»

ጆሮ ላይ የሚጥም ንባብ ነው፤ ምንም የተሰበረ አይመስልም። ግን አድማጩን ተከትሎ ላየው ሰው ነገሩ ይለያል። አድማጩ ስለ እናት የሚተርከውን እንደ እውነተኛ ገጠመኝ ይሰማል፤ ምናልባትም የራሱ እናት ትዝ ትለዋለች። «አጋራችን ናቸው» የሚለው ሲመጣ የሰማውን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መመዘን ይኖርበታል። «ለካ ማስታወቂያ ነበር» ብሎ የሚያስብባቸው እነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ አቅራቢው ወደ ውይይቱ ተመልሷል፤ አድማጩ ግን አልተመለሰም። ፍሰቱ የተሰበረው መግለጫው ስለተነገረ አይደለም፤ ዘግይቶ ስለተነገረ ነው።

ቃሉም ራሱ ያደናግራል። «አጋራችን» የሚባለው አዳራሽ የፈቀደ ድርጅትም፣ አብሮ በጎ ሥራ የሚሠራ ማኅበርም ነው። «እናመሰግናለን» ደግሞ ለሁሉም ይባላል። የአሜሪካው ኮሚሽን ለአስተዋዋቂዎች በሚሰጠው ማብራሪያ ኩባንያን ማመስገን ብቻውን ክፍያ መኖሩን እንደማይገልጽ ይናገራል፤ በአማርኛም ሁኔታው ያው ነው። «በእገሌ ትብብር የቀረበ» የሚለው የለመድነው አነጋገርም ቢሆን ገንዘብ መከፈሉን ለማያውቅ ሰው አይነግረውም። «ከፍሎናል» የሚለው ግን ለአያትም ለልጅም ይገባል።

ከዚያ «ያለ ምንም ክፍያ» የሚለው አለ። ገንዘብ አስተላላፊዎች የመላኪያ ክፍያ ባይጠይቁም ከምንዛሪው ላይ ሊያተርፉ ይችላሉ። ለምሳሌ የዕለቱ ዋጋ በዶላር 150 ብር ሆኖ አስተላላፊው በ147 ቢመነዝር፣ 300 ዶላር የላከ ሰው ቤተሰብ 900 ብር ይቀርበታል። ይህ ስድስት ዶላር ማለት ነው። ስድስት ዶላር የከፈለን ሰው «ምንም አልከፈልክም» ማለት አይቻልም። ይህን አቅራቢው ላያውቀው ይችላል፤ ስፖንሰሩ ከላከለት ነጥቦች መካከል አይኖርምና። ለማወቅ ግን ብዙ አይፈጅበትም፤ ሊልክ የሚፈልገውን መጠን በመተግበሪያው ላይ ጽፎ የሚደርሰውን ብር ከባንኩ የዕለት ዋጋ ጋር ማስተያየት ይበቃዋል።

ያንኑ ንባብ አሁን በሌላ መልኩ እንመልከተው።

«ከበደ፣ ስለ ደብረ ብርሃን የነገርከን እዚህ ላይ ይቆየን፤ አንድ ማስታወቂያ አለኝ። ይህን ክፍል ስፖንሰር ለማድረግ እገሌ ሐዋላ ከፍሎናል። እኔ ራሴ በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ልኬበታለሁ። አንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ፤ እሑድ ማታ የላክሁት ግን ሰኞ ነው የገባው። የመላኪያ ክፍያ አይጠይቁም፤ ትርፋቸው ከምንዛሪው ላይ ነው። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ስንት ብር እንደሚደርስ ከሌሎቹ ጋር አስተያዩ። በእኛ ኮድ ከተመዘገባችሁ ለእኛም ኮሚሽን ይከፈለናል። ማስታወቂያው ይኸው ነው። እሺ ከበደ፣ ደብረ ብርሃን የወፍጮ ቤቱን ሥራ ስትጀምር…»

ይህ ንባብ በተለመደ አነጋገር ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። ክፍያው የተነገረው ከመጀመሪያው ውዳሴ በፊት ነው፤ ስለዚህ አድማጩ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ምን ብሎ እንደሚሰማው ያውቃል። «እኔ» የሚለው የተሞከረውን ብቻ ይዟል። የእሑዱ መዘግየት ሲነገር ስፖንሰሩ ቅር ይለው ይሆናል፤ ግን የደቂቃዎቹን ፍጥነት የሚያስታምነው እሱ ነው። መግቢያውና መውጫውም አንድ ክር ይዘዋል፦ የእንግዳው ስምና ደብረ ብርሃን። አቅራቢው ሲወጣ ወሬው የት ላይ እንደቆመ ያመለክታል፤ ሲመለስም ከዚያው ይነሳል። አድማጩ «የት ነበርን?» አይልም።

አቅራቢው እቃውን ለመሞከር ጊዜ ያልነበረው እንደሆነስ? ያኔ «እኔ»ን ትቶ «ይላሉ» ማለት ነው። «እገሌ ሐዋላ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚያደርስ ይናገራል፤ እኔ ገና አልሞከርኩትም» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስቀይምም፤ ማስታወቂያነቱንም አይቀንስም። በፒክስሉ ጉዳይ ሁሉም ነገር ሊድን ይችል የነበረው በዚህች ለውጥ ነበር። የስልኩን ካሜራ ጥራት በኩባንያው ስም መናገር የተፈቀደ ነው፤ ያልተፈቀደው በሌለ ገጠመኝ ማስመስከር ነው።

የማስታወቂያው ቦታም ራሱን የቻለ ሙያ አለው። አዘጋጆች ማስታወቂያን የሚያስገቡት ከክፍሉ መጀመሪያ፣ ከመካከሉ ወይም ከመጨረሻው ነው። አድማጩ ወሬው ስለያዘው ብዙውን ጊዜ ውድ የሚሆነው የመካከሉ ነው፤ ለመሰበር የሚቀርበውም ይኸው ነው። እንግዳው ሐሳቡን ጨርሶ፣ አዲስ ጥያቄ ሊነሳ ሲል ያለችው ቅጽበት ለማስታወቂያ ትመቻለች። እንግዳው ስለ ሟች ወንድሙ እየተናገረ ሳለ በመካከል የሚገባ የቅናሽ ኮድ ግን ምንም ያህል በታማኝነት ቢነበብ አድማጩን ያስከፋል። ቀረጻው ላይ ክፍተቱ ካልተገኘ፣ ሲታረም ሁለት ደቂቃ ወደፊት ወይም ወደኋላ ማዛወር ይሻላል።

ድንበሩን በድምፅ የማስመር ዘዴም አለ። አሌክስ ብሉምበርግ በ2014 ጊምሌት የተባለውን የፖድካስት ኩባንያ ሲያቋቁም፣ አመሠራረቱን በሚተርከው «ስታርትአፕ» በተሰኘው ዝግጅቱ ማስታወቂያዎቹን በተለየ ሙዚቃ ይለያቸው ነበር። ሙዚቃው ሲነሳ አድማጩ ማስታወቂያ ውስጥ መሆኑን ያውቃል፤ ሲጠፋ ወደ ታሪኩ ተመልሷል። በዚህ አጥር ውስጥ ጊምሌት ማስታወቂያዎቹን እንደ ትንሽ ዘገባ ያዘጋጃቸው ነበር፤ የስፖንሰሩን ደንበኞች እያነጋገረ።

ይኸው መንገድ ግን አንድ ጊዜ አሰናከለው። ለአንድ የድረ ገጽ መሥሪያ ኩባንያ ማስታወቂያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተነጋግሮ ነበር። እናቱ ቃለ መጠይቁ ለተለመደ የሬዲዮ ዝግጅት እንጂ ለማስታወቂያ እንደሆነ አልተረዳችም ነበር፤ ስታውቅ ቅሬታዋን በአደባባይ ገለጸች። ብሉምበርግ አላለባበሰም፤ የ«ስታርትአፕን» አንድ ሙሉ ክፍል ለዚሁ ስሕተት ሰጥቶ ምን እንደተፈጠረ ተናገረ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ከዚህ የሚታየው የታማኝነት ግዴታው ለአድማጩ ብቻ የሚውል አለመሆኑ ነው። በማስታወቂያው ውስጥ ድምፁ የሚሰማ ሰውም መቅጃው ከመከፈቱ በፊት ለምን እንደሚቀረጽ ማወቅ አለበት።

በዚያው ዓመት የወጣው «ሲሪያል» የተሰኘው የወንጀል ምርመራ ፖድካስት ደግሞ ማስታወቂያ መሆኑን ሳይሸሽግ የሚወደድ ማስታወቂያ ሊኖር እንደሚችል አሳይቷል። ስፖንሰሩ ሜይልቺምፕ ነበር። ማስታወቂያው የተለያዩ ሰዎች የኩባንያውን ስም ሲጠሩ ያሰማል፤ ከመካከላቸው አንዷ ልጅ አንብባው «ሜይልኪምፕ» አለች። ስሕተቱ ሳይታረም ቀረ፤ አድማጮችም እየደጋገሙ የሚቀልዱበት ሆነ። ማስታወቂያ መሆኑ ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ ያስታውቃል፤ ማንም አልተታለለበትም፤ ማንም ዝግጅቱ ተቋረጠብኝ አላለም ቢባል ብዙ አይጋነንም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ስፖንሰሩ በማስታወቂያ ቦታ ሳይሆን በእንግዳ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው። ብሉምበርግ የዜና ድርጅት በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ አንዳንድ እንግዶች በታዋቂ ፖድካስቶች ላይ ለመቅረብ እስከ 50,000 ዶላር ይከፍላሉ። እንዲህ ባለው ክፍል ማስታወቂያና ውይይት የሚለይበት ድንበር የለም፤ ሰዓቱ ሙሉ የተገዛ ነው። ስለዚህ መግለጫው የሚነገረው አንድ ጊዜ መካከል ላይ ሊሆን አይችልም። እንግዳው ከመተዋወቁ በፊት «የዛሬው እንግዳችን ለመቅረብ ከፍሏል» ተብሎ ይነገራል፤ ክፍሉ ረጅም ከሆነ እንግዳው ስለ ምርቱ ወይም ስለ መጽሐፉ በሚያወራበት ቦታ እንደገና ይታወሳል። ይህን ለመናገር የሚያፍር አዘጋጅ ክፍያውን አለመቀበሉ ይሻለዋል።

ከስፖንሰር ንባብ ጋር የሚሄደው ሌላው ነገር ማሳሰቢያ ነው። «ይህ የሕክምና ምክር አይደለም»፣ «ኢንቨስትመንት ኪሳራ ሊያስከትል ይችላል»፣ «ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ አይፈቀድም» የመሳሰሉት። ሬዲዮ ላይ የለመድናቸው በጥድፊያ ነው፤ ማስታወቂያው በረጋ ድምፅ ይነበብና ማሳሰቢያው ሲመጣ አንባቢው ትንፋሽ ሳይወስድ ይከንፋል። የሚነበበው እንዲሰማ ሳይሆን ተነግሯል እንዲባል ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ የመድኃኒት ማስታወቂያዎች ከግንቦት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ይህን ልማድ ለመግታት ነው። የመድኃኒቱ ዋና ዋና ጉዳቶች ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ መነገር አለባቸው፤ የሚነበቡበት ድምፅ፣ የቃላቱ ጥራትና ፍጥነቱም ቢያንስ ከቀረው የማስታወቂያ ክፍል ያነሰ መሆን የለበትም። መለኪያው ቀላል ስለሆነ ማንኛውም የፖድካስት አዘጋጅ ሊበደረው ይችላል፦ ጥቅሙ በተነገረበት ፍጥነት ጉዳቱም ይነገር።

ለዚህ ደግሞ ማሳሰቢያው አጭር መሆን አለበት። ከጠበቃ የመጣ የስምንት መስመር ጽሑፍ በተለመደ ፍጥነት ሲነበብ አድማጩን ያስኮበልላል፤ አቅራቢው የሚጣደፈውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ማፍጠን ሳይሆን መምረጥ ነው፤ ይህን ክፍል የሚሰማ ሰው ሊጎዳው የሚችለው አንድ ነገር ምንድን ነው? ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጾም የሚያወራ ክፍል ቢሆን፣ «ይህ ዝግጅት ለጠቅላላ ዕውቀት ነው» የሚለው መግቢያ ማንንም አያድንም። ሐኪሟ እንግዳ ስለ ጾም ሰዓት መናገር ስትጀምር አቅራቢው «ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች፣ ይህን ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትሞክሩት፤ ስኳራችሁ ወርዶ ራሳችሁን ልትስቱ ትችላላችሁ» ቢል ግን፣ ማሳሰቢያው የውይይቱ አካል ሆነ። እንግዳዋም ተቀብላ ምክንያቱን ታብራራለች። ፍሰቱ አልተቋረጠም፤ እንዲያውም ውይይቱ ጠለቀ።

ማሳሰቢያ የማይሠራው ሥራም አለ። የተሳሳተን ነገር አያቃናም። አንድ ዱቄት የደም ግፊትን ያድናል ብሎ ተናግሮ «ሐኪማችሁን አማክሩ» ማለት የተናገሩትን አያስመልስም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ከሌለው መቅረት ያለበት እሱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ሕግም መንፈሱ ከዚህ የራቀ አይደለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከመደበኛ ዝግጅት በቀላሉ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። አዋጁ በወጣበት ጊዜ የአማርኛ ፖድካስት ገና ስሙም አልተለመደም ነበር፤ ሐሳቡ የተሠራው ለሬዲዮ፣ ለቴሌቪዥንና ለጋዜጣ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ማይክሮፎን ያስቀመጠ አዘጋጅ ግን ከዚያው ሬዲዮ የተማረውን «ይህን ዝግጅት ስፖንሰር ያደረገልን» የሚለውን አነጋገር ይዞ ነው የሚነሳው፤ ያም መልካም መነሻ ነው። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ መግቢያው ሳይሆን መውጫው ነው። ማስታወቂያው የት እንደጀመረ ይነገራል፤ የት እንዳለቀ ግን አይነገርም፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ አቅራቢው ስለዚያው ባንክ ወይም ሪል ስቴት በጨዋታ መካከል የሚጥለው ጥሩ ቃል ከየትኛው ወገን እንደሆነ አድማጩ አያውቅም።

ክፍሉ ከወጣም በኋላ ሥራው አያልቅም። ሬዲዮ ላይ የተነበበ ማስታወቂያ አየር ላይ ውሎ ያልፋል፤ ፖድካስት ግን ከሦስት ዓመት በኋላም ይሰማል። ማስታወቂያው ከውይይቱ ጋር አብሮ የተቀረጸ ከሆነ፣ ጊዜው ያለፈበት ቅናሽና የተለወጠ ዋጋ ከነአቅራቢው ድምፅ እዚያው ይኖራሉ። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ማስታወቂያውን ለብቻው ቀርጾ፣ ክፍሉ በሚወርድበት ጊዜ በተመደበለት ቦታ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ ይነሳል፣ በሌላ ይተካል። ይህ ዘዴ የራሱ ጣጣ አለው። ለብቻው የተቀረጸ ንባብ በሁሉም ክፍል ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ መግለጫውን በውስጡ መያዝ አለበት፤ «ቅድም እንዳልኳችሁ ስፖንሰራችን» ቢል፣ ቅድም የተባለ ነገር በሌለበት ክፍል ውስጥ ይገኛል። «ባለፈው ሳምንት ሞከርኩት» የሚለውም ከዓመት በኋላ ሐሰት ይሆናል፤ ወሩ ከነዓመተ ምሕረቱ ቢጠቀስ ግን ሁልጊዜ እውነት ነው።

ንባቡ መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ አንድ አስተማማኝ ፈተና አለ። ስለ ስፖንሰሩ የማያውቅ ሰው ዕቃ እያጠበ ክፍሉን አንድ ጊዜ ይስማ፤ ሳይደግም። ከዚያ ይጠየቅ፦ ማስታወቂያው የቱ ጋ ጀመረ፣ የቱ ጋ አለቀ? ማን ከፈለ? አቅራቢው እቃውን ተጠቅሞበታል? ከማስታወቂያው በፊት እንግዳው ስለ ምን ያወራ ነበር? ሦስቱን ጥያቄዎች ካልመለሰ የታማኝነቱ ነገር ጎድሏል፤ የመጨረሻውን ካልመለሰ ፍሰቱ ተሰብሯል። ጉድለቱ የት እንዳለ ስለሚታወቅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር እንደገና ቀርጾ መተካት ይበቃል።

ከሁሉ በፊት የሚቀልለው ግን ከስፖንሰሩ ጋር ገና ውል ሲፈረም መስማማት ነው። አቅራቢው እቃው ወይም አገልግሎቱ ከቀረጻው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲደርሰው ይጻፍ። «ከፍሎናል» የሚለው ቃል በስፖንሰሩ አርትዖት እንደማይወጣ፣ አቅራቢውም ያልሞከረውን በ«እኔ» እንዲናገር እንደማይጠየቅ ይጻፍ። ያስተዋለውን ጉድለት መናገር እንደሚችል፣ ምርቱን መጠቀም ካቆመ ደግሞ «እጠቀምበታለሁ» የሚለው ንባብ ከቀደሙት ክፍሎች ሁሉ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚነሳ ይጻፍ። በእነዚህ ላይ የሚያንገራግር ስፖንሰር ካለ አዘጋጁ ይህን ከቀረጻው በፊት ያውቃል፤ ያኔ ደግሞ እምቢ ለማለት ጊዜው አላለፈም።